ያረጀ ርዕስ፣ ያላረጀ ጽሑፍ

አንድ የምግብ ጽሑፍ አለ እንበል። ድረ ገጽ ላይ ከወጣ ዓመታት አልፈውታል። ሽንኩርቱ እስከ መቼ እንደሚቁላላ፣ በርበሬው መቼ እንደሚገባ፣ ዶሮዋ 12 ብልት ሆና እንዴት እንደምትገነጣጠል አንድ በአንድ ያስረዳል። ርዕሱ «የበዓል ድምቀት፣ የእናት እጅ ሙያ» ይላል። መጽሔት ላይ ቢሆን ኖሮ ማንም አይነቅፈውም ነበር፤ ገጹን የገለጠ አንባቢ የዶሮ ወጡን ፎቶ አብሮ ስለሚያይ ርዕሱና ፎቶው ተደጋግፈው ይቆማሉ። ጉግል ላይ ግን ርዕሱ ብቻውን ነው። በሰማያዊ የተጻፈ አንድ መስመር ሆኖ ይቀርባል፤ ከላዩና ከታቹ «የዶሮ ወጥ አሰራር» እያሉ በግልጽ የሚናገሩ ሌሎች መስመሮች ተደርድረዋል።

ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ ዶሮ ወጥ ልትሠራ የተነሳች ወጣት «የእናት እጅ ሙያ» ብላ አትፈልግም። የምትጽፈው የቸገራትን ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ከፊቷ ቆሞ እያለ አልፋው ትሄዳለች። ጽሑፉ ሲወጣ በአማርኛ የተጻፈ ተመሳሳይ ነገር ጥቂት ስለነበረ ያ ርዕስም በቂ ነበር። አሁን ጎረቤት በዝቷል።

እንዲህ ያለውን የቆየ ጽሑፍ እንደገና ከመጻፍ ይልቅ ርዕሱን ፈላጊዎች በሚጠቀሙበት ቃል መልሶ ማበጀት በዘርፉ የታወቀ ሥራ ነው። ነገሩን ከፍ አድርጎ ያሳየው ሀብስፖት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ባልደረባው ፓም ቮን እ.ኤ.አ. በ2015 እንደጻፈችው፣ በወር ከሚመጣላቸው ንባብ 76 በመቶው በዚያ ወር የወጣ አዲስ ጽሑፍ ሳይሆን ቀደም ብሎ የወጣ ነበር። የቆዩትን እየመረጡ ካደሱ በኋላ ከፍለጋ የሚመጣው ንባብ በአማካይ በ106 በመቶ ጨመረ። ይህን ቁጥር ለርዕስ ብቻ ማሸከም ግን አይገባም፤ እነሱ የጽሑፎቹን ይዘትም አድሰዋል። ርዕስ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ ለማወቅ ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ጠጋ ብሎ የሚታይበት ቦታ ጉግል ሰርች ኮንሶል ይባላል፤ ለማንኛውም የድረ ገጽ ባለቤት በነፃ የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ድሮ ያለዚህ መሣሪያም ፈላጊው የጻፈው ቃል ከፈላጊው ጋር አብሮ ወደ ድረ ገጹ ይደርስ ነበር። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ላይ አካውንታቸውን ከፍተው የሚፈልጉ ሰዎችን ፍለጋ ማመስጠር ጀመረ፤ በ2013 ደግሞ ሁሉንም ፍለጋ አመሰጠረ። ከዚያ ወዲህ ሰዎች በጉግል በኩል በምን ቃል እንደመጡ ለባለቤቱ የሚነግረው ሰርች ኮንሶል ሆነ። መሣሪያው ለእያንዳንዱ የፍለጋ ቃል አራት ነገር ይናገራል፦ ገጹ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደተነካ፣ ከታየበት ስንት በመቶው እንደተነካ፣ በአማካይ ስንተኛ ሆኖ እንደቀረበ።

የቀነሰ አንባቢን ምክንያት የሚለዩትም እነዚሁ አራቱ ናቸው። ገጹ ከ3ኛ ወደ 14ኛ ወርዶ ከሆነ ጥፋቱ የርዕስ ላይሆን ይችላል፤ ሌሎች የተሻለ ጽፈው ቀድመዋል፣ ወይም ድረ ገጹ ራሱ ችግር አለበት። ደረጃው ሳይነቃነቅ የታየበት ብዛት ብቻ ቀንሶ ከሆነ ሰዉ ነገሩን መፈለግ ትቷል። ርዕስ በዋናነት የሚጠረጠረው ገጹ እንደ ድሮው እየታየ፣ በድሮው ደረጃው ላይ ሆኖ፣ የሚነካው ሰው ሲያንስ ነው። ያኔም ቢሆን ፍለጋውን ራስ ጽፎ የውጤቱን ገጽ ማየት ተገቢ ነው። ከላይ የቪዲዮ ረድፍ መጥቶ ከሆነ፣ ዓይኑን የወሰደው ቪዲዮው እንጂ ርዕሱ አላስጠላም።

አሁን ወደ ዶሮ ወጡ እንመለስ። የሚከተሉት ቁጥሮች አሠራሩን ለማሳየት የተቀመጡ ናቸው እንጂ የአንድ ድረ ገጽ መዝገብ አይደሉም፤ ቀኖቹ ግን እውነተኛ ናቸው።

የመጀመሪያው ወጥመድ ከቀኖቹ ይነሳል። ባለቤቱ ሰርች ኮንሶልን ከፍቶ `Compare` የሚለውን ሲነካ፣ ያለፉትን 3 ወራት ካምናው ተመሳሳይ 3 ወራት ጋር እንዲያወዳድር ዝግጁ ምርጫ ይቀርብለታል። ለዶሮ ወጥ ይህ አያዋጣም። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12። የ15 ቀን ልዩነት አለ። ሚያዝያን ከሚያዝያ ጋር ያወዳደረ ሰው አንዱን ዓመት በጾም፣ ሌላውን በፍስክ እያየ ነው። ስለዚህ ቀኖቹን በእጅ አስገብቶ ከየዓመቱ ፋሲካ በፊት ያሉትን 4 ሳምንታትና ከበዓሉ በኋላ ያለውን 1 ሳምንት ማወዳደር ይኖርበታል። መሣሪያው ሁለቱን የጊዜ ክልሎች ለየብቻ ማስገባት ይፈቅዳል። የሚያሳየው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ሚያዝያ 27 ሜይ 5፣ ሚያዝያ 12 ደግሞ ኤፕሪል 20 መሆኑን ቀድሞ ማስላት የባለቤቱ ፋንታ ነው።

እንዲህ ተወዳድሮ `Pages` ከሚለው ውስጥ ጽሑፋችን ሲመረጥ ይህን አሳየ እንበል። በ2016 ዓ.ም. 40,000 ጊዜ ታይቶ 2,400 ጊዜ ተነክቷል፤ ማለትም 6 በመቶ። በ2017 ዓ.ም. 41,000 ጊዜ ታይቶ የተነካው 1,100 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው፤ ወደ 2.7 በመቶ ወርዷል። አማካይ ደረጃው ከ5.1 ወደ 5.4 ብቻ ነው የተንሸራተተው። መታየቱ አልቀነሰም፣ ደረጃው ብዙም አልወረደም፤ ንክኪው ግን ከግማሽ በታች ሆነ።

እዚህ ላይ ቆሞ ርዕስ መቀየር የሚቻኮል ሰው ብዙ ነው። ገና ነው። የገጹ አማካይ ደረጃ የተለያዩ ፍለጋዎች ድብልቅ ነው። ገጹ ከዚህ በፊት በማይታይባቸው ፍለጋዎች ላይ ታች ታች እያለ መታየት ከጀመረ፣ ዋናው ፍለጋ ደህና ሆኖ ሳለ ድምሩ የታመመ ይመስላል። ስለዚህ ገጹ እንደተመረጠ ወደ `Queries` ተሻግሮ ቃል በቃል ማየት ያስፈልጋል።

የእኛው ጽሑፍ ሲከፈት ትልቁ ፍለጋ «የዶሮ ወጥ አሰራር» ሆኖ ተገኘ። በ2016 ዓ.ም. 15,000 ጊዜ ታይቶ 1,050 ሰው ነክቶታል። በ2017 ዓ.ም. 18,000 ጊዜ ቢታይም የነካው 290 ነው፤ ደረጃው 4ኛ አካባቢ እንዳለ ነው። ከጠፉት 1,300 ገደማ ንክኪዎች 760ው በዚህ አንድ ፍለጋ ላይ ነው የጠፉት። በሌላ በኩል «የበዓል ምግብ» የሚለው ፍለጋ 2,000 ጊዜ ታይቶ 160 ሰው አምጥቷል፤ 8 በመቶ ማለት ነው። የርዕሱ ሕመም ያለው እዚህ ነው። «የበዓል» ብሎ የመጣ ሰው ቃሉን ርዕሱ ላይ ያገኘዋል። «ዶሮ ወጥ» ብሎ የመጣው ግን በርዕሱ ውስጥ ዶሮም ወጥም አያይም።

በአማርኛ ይህን ዝርዝር ማንበብ በእንግሊዝኛ እንደማንበብ ቀላል አይደለም። አንዱ ፍለጋ በአምስት ልብስ ይመጣል። አንዱ «አሰራር» ይላል፣ ሌላው «አሠራር»። አንዱ «ዶሮ ወጥ» ብሎ ይጀምራል፣ ሌላው «የዶሮ ወጥ»። የአማርኛ ኪቦርድ ስልኩ ላይ የሌለው ደግሞ doro wot aserar ብሎ በላቲን ፊደል ይጽፋል። ለየብቻ ሲታዩ ሁሉም ጥቃቅን ናቸው፤ ስለዚህ በፍለጋ ማጣሪያው ውስጥ `Custom (regex)` የሚለውን መርጦ በአንድ መረብ መሰብሰብ ይሻላል፦

```
ዶሮ|doro
```

ቀጥ ያለችው መስመር «ወይም» ማለት ናት። ከዚህ በኋላ የሚቀርበው ድምር እውነቱን የተሻለ ያሳያል፤ ሙሉ ግን አይሆንም። ጉግል በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ከጥቂት ደርዘን ሰዎች በላይ ያልጻፉትን ፍለጋ የፈላጊውን ማንነት ለመጠበቅ ሲል ከዝርዝሩ ያስቀረዋል። የፍለጋዎቹ ድምር ከገጹ ድምር የሚያንሰው በዚህ ነው። በተለያየ ፊደል በሚጻፍ ቋንቋ አንዱ ፍለጋ ተበጣጥሶ ከዚያ ገደብ በታች የመውደቅ ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ባለቤት የተደበቀው ድርሻ በዝቶ ቢያገኝ ሊደነግጥ አይገባም።

ከዚያ የፊደሉ ክርክር ይመጣል። ቃሉ ከ«ሠራ» የወጣ ስለሆነ ሥርዓተ ጽሕፈት የሚጠነቅቅ አርታኢ «አሠራር» ካልሆነ አይዋጥለትም። ሕዝቡ የሚጽፈው ግን በአብዛኛው በእሳቱ «ሰ» ከሆነ ምን ይደረግ? መልሱን መገመት አያስፈልግም። ሁለቱንም አጻጻፍ በየተራ ፈልጎ ውጤታቸውን ማስተያየት ነው። ውጤቱ አንድ ከሆነ አርታኢው የልቡን ይጻፍ። ከተለያየ ግን ርዕሱ የብዙኃኑን አጻጻፍ ይይዛል፣ ጽሑፉ ውስጥ ደግሞ ሌላው አጻጻፍ በተፈጥሮ ይገባል። «ጾም» እና «ፆም»፣ «ጸሎት» እና «ፀሎት» ላይም ጣጣው ይኸው ነው።

አዲሱን ርዕስ ለመጻፍ ዝርዝሩን ወደ ታች መውረድ ያስፈልጋል። ትልቁ ፍለጋ የርዕሱን የፊት ቃል ይሰጣል፤ ቀጥለው ያሉት ትናንሾቹ ደግሞ ፈላጊው በትክክል የቸገረውን ይናገራሉ። «ለዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት»፣ «የዶሮ ወጥ ቅመም መጠን» የሚሉ ተደጋግመው መጡ እንበል። ፈላጊው አሠራሩን ብቻ ሳይሆን ልኩን ጭምር ይፈልጋል ማለት ነው። «የዶሮ ወጥ አሰራር ከነመጠኑ» የሚል ርዕስ ወዲያው ወደ አእምሮ ይመጣል።

ችግሩ ጽሑፉ መጠን የለውም። «በቂ ሽንኩርት»፣ «እንደ ወጡ ብዛት በርበሬ» ነው የሚለው፤ እናት የምትነግረው እንዲሁ ነውና። በዚህ ሁኔታ ርዕሱን ብቻ መቀየር ማታለል ይሆናል፤ የገባው አንባቢም መጠኑን ሲያጣ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ኪሎውና ማንኪያው ጽሑፉ ውስጥ ይገባል፣ ርዕሱ ከዚያ በኋላ ይለወጣል። መጠኑን የሚያውቅ ሰው ካልተገኘም «ከነመጠኑ» ይቅር።

መጠኑ ተገኝቶ ከገባ የሚከተለው ያስኬዳል፦

```
<title>የዶሮ ወጥ አሰራር ከነመጠኑ፦ የበዓል ምግብ በእናት እጅ</title>
```

ፊት ለፊት የተቀመጠው የፈላጊው ቃል ነው። «የበዓል ምግብ» የቀረው ለጌጥ አይደለም፤ 160 ሰው እያመጣ ያለ ፍለጋ ስለሆነ እሱን ጥሎ ሌላውን ማንሳት ኪሳራ ነው። የእናት እጅም ከነክብሯ መጨረሻ ላይ ተቀምጣለች። ጉግል ለርዕስ የፊደል ብዛት ገደብ አላወጣም፤ በመሣሪያው ስክሪን ስፋት ልክ ነው የሚቆርጠው። የግዕዝ ፊደላት ደግሞ ሰፋ ያሉ ስለሆኑ ለእንግሊዝኛ የሚነገረውን «ከ50 እስከ 60 ፊደል» የሚል ምክር እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ጅራቱ ቢቆረጥ እንኳ የፊቱ አራት ቃል ብቻውን መቆም አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ከላይ የታየው ርዕስ ገጹ አናት ላይ በትልቁ ከሚነበበው አርዕስት ጋር አንድ መሆን ግዴታው አይደለም። እንደ ዎርድፕረስ ባሉ መሣሪያዎች ላይ በተጨማሪ ፕለጊን ሁለቱን ለየብቻ መጻፍ ይቻላል። ያ ማለት ግን ጉግል የተጻፈለትን ሁሌም ይቀበላል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ርዕሶችን ራሱ የሚመርጥበትን አሠራር ለውጦ ብዙ ጸሐፊዎችን ካስቆጣ በኋላ፣ በመስከረም ባወጣው ማብራሪያ ባለቤቱ የጻፈውን ርዕስ የሚጠቀመው 87 በመቶ ያህል ጊዜ መሆኑን ገልጿል። በቀረው ጊዜ የሚያነሳው ብዙውን ጊዜ ከገጹ አርዕስት ነው። ስለዚህ ገጹ ላይ «የበዓል ድምቀት፣ የእናት እጅ ሙያ» እንዳለ ከቀረ፣ ያ የተባረረ ርዕስ በጓሮ በር ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ዶሮ ወጥ የሚለው ቃል አርዕስቱም ውስጥ ቢኖር ነው የሚሻለው።

ጉግል ርዕስ ከሚለውጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ያለፈበት ዓመት ነው፤ ይህ ለአማርኛ ጸሐፊ ልዩ ራስ ምታት አለው። አንድ ርዕስ «የ2017 የጾም ቀናት» ቢል አዲስ አበባ ላለው አንባቢ ቅርብ ነው፤ ስቶክሆልም ላለው ግን ከዓመታት በፊት የወጣ ሊመስለው ይችላል። ዓመት የግድ ካስፈለገ «2017 ዓ.ም.» ተብሎ ይጻፍ። ለዶሮ ወጥ ግን ዓመት ምን ይሠራለታል? ይዘቱ ሳይነካ ርዕሱ ላይ የዘንድሮን ዓመት መለጠፍ የተለመደ ብልጠት ነው፤ ከተግባሩ ይልቅ ዕድሜው ያጥራል።

ርዕሱ ሲለወጥ መነካት የሌለበት የገጹ አድራሻ ነው። አንዳንድ መሣሪያ ርዕሱ ሲቀየር አድራሻውንም ልቀይርልህ ይላል። የአማርኛ አድራሻ ሲገለበጥ `%E1%8B%B6` እያለ የሚዥጎደጎድ ስለሆነ (ይህች «ዶ» ብቻ ናት) ባለቤቱ ማሳጠር ያምረዋል። አድራሻው ተቀይሮ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚመራ መንገድ ካልተተከለ ጉግል አዲስ ገጽ እንዳየ ይቆጥረዋል፤ ድሮ ወደ ጽሑፉ የተላኩ ሊንኮችም ባዶ ቤት ያንኳኳሉ።

ቀሪው ማስታወሻ መያዝና መጠበቅ ነው። አሮጌው ርዕስ፣ አዲሱ ርዕስ፣ የተለወጠበት ቀን በደብተር ይሰፍራል፤ ሰርች ኮንሶል ርዕስ መቼ እንደተቀየረ አይመዘግብምና። ጉግል ገጹን ቶሎ እንዲያየው በ`URL Inspection` በኩል መጠየቅ ይቻላል። ከዚያ ቢያንስ 4 ሳምንት ይታለፋል። በሦስተኛው ቀን ከፍቶ «አልሠራም» ብሎ ሌላ ርዕስ የሚለጥፍ ሰው የትኛው ርዕስ ምን እንዳመጣ መቼም አያውቅም።

መለኪያው የንክኪ ብዛት ሳይሆን በዚያው ፍለጋ፣ በዚያው ደረጃ ላይ የነካው ሰው መቶኛ ነው። ምክንያቱን እንቁጣጣሽ በደንብ ያስረዳል። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ረቡዕ ዋለ፤ ለኦርቶዶክስ አማኝ የጾም ቀን ስለሆነ ዶሮ አይታሰብም። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሐሙስ ዋለ። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ርዕሱን ቀይሮ ሁለቱን እንቁጣጣሾች በንክኪ ብዛት ያወዳደረ ሰው ርዕሱ ተአምር እንደሠራ ሊያምን ይችላል። ሥራውን የሠራው ቀን መቁጠሪያው ነው። መቶኛው ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለልም፤ «የዶሮ ወጥ አሰራር» 4ኛ ደረጃ ላይ እንዳለ ከ1.6 በመቶ ወደ 5 በመቶ ቢወጣ ምስጋናው ለርዕሱ ይሆናል።

ጽሑፎቹ ብዙ ከሆኑ ከዚህም የጠነከረ መንገድ አለ። ኢትሲ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳወቀው፣ የተወሰኑ ገጾችን ርዕስ ለውጦ ተመሳሳይ የሆኑ ሌሎችን ሳይነካ በማቆየት ሁለቱን ወገን አወዳድሯል፤ አጠር ያሉት ርዕሶችም የተሻለ ሠሩ። አንድ የምግብ ገጽም በአቅሙ ይህን ማድረግ ይችላል። የዶሮ ወጡን፣ የአልጫውንና የክትፎውን ርዕስ ለውጦ፣ የጥብሱንና የሚጥሚጣውን እንደነበሩ ይተዋል። ያልተነኩት እኩል ከወጡ ያነሳቸው በዓሉ ነው።

ሰርች ኮንሶል መረጃ የሚይዘው 16 ወር ብቻ ነው፤ ከስክሪኑ በአንድ ጊዜ የሚወርደውም ከ1,000 መስመር አይበልጥም። የ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ፍለጋ ከነሐሴ 2018 ዓ.ም. አጋማሽ በኋላ ከመሣሪያው ላይ አይገኝም። የምግብ ገጽ ያለው ሰው ከየበዓሉ ማግስት ዝርዝሩን አውርዶ ያስቀምጥ።